በረከቦቱ ላይ ያለውን ቀይ ፔርሙስ በጀበና ስለመተካት

ይድረስ ለወንድሜ ሰይድ
ደሴ፣ ፒያሳ

አሰላሙ ዓለይኩም። ትናንት ስለ ቤተሰባችን ፎቶ በስልክ ስንነጋገር የሚስተካከለውን በቃል ብቻ ማስረዳቱ ለስህተት እንደሚዳርግ ስለተረዳሁ፣ የሚለወጠውን ዕቃ ምልክት አድርጌበት፣ በምትኩ የሚገባውንም ዕቃ ፎቶ አያይዤ ይህን መልእክት ልኬልዎታለሁ። የሚለወጠው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ እርሱም በረከቦቱ ላይ ከእናቴ ቀኝ እጅ አጠገብ የቆመው አበባ ያለበት ቀይ ፔርሙስ ነው። በእርሱ ቦታ የእናቴ ጥቁር ጀበና ይቀመጥልኝ።

የላክሁት አራት ፋይል ነው። DSC_0482.JPG ሥራው የሚሠራበት ዋናው ፎቶ ነው። DSC_0482_milikit.jpg የዚያው ቅጂ ሲሆን፣ የሚወጣውን ፔርሙስ የከበብሁበት ስለሆነ ለማሳያ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ፔርሙሱ ራሱ ቀይ በመሆኑ ክቡን በአረንጓዴ አድርጌዋለሁ። jebena.jpg የጀበናው ፎቶ ነው። አራተኛው DSC_0479.JPG ለምን እንደሚያስፈልግ ከታች እገልጻለሁ። ሁሉንም በቴሌግራም የላክሁት በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ነው፤ በፎቶ መልክ ከተላከ ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ እርስዎም ሲመልሱልኝ እንዲሁ በፋይል ይላኩልኝ።

እናቴን ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ፔርሙሱ ያለው በግራ በኩል፣ በሲኒዎቹና በዕጣን ማጨሻው መካከል ነው። ከኋላ፣ ወንድሜ በተደገፈው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሌላ ሰማያዊ ፔርሙስ አለ። እርሱ የሻይ ነው፤ አይነካ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ በፊት ይህንኑ ፎቶ ለሌላ ባለሙያ ሰጥቼ «ፔርሙሱን አውጣልኝ» ብለው፣ ሰማያዊውን አውጥቶ ቀዩን እንዳለ ተወው። ጥፋቱ በከፊል የእኔም ነበር፤ የትኛውን እንደሆነ አላመለከትሁለትም። ሆኖም ሳልጠይቀው የእናቴን ፊት አለስልሶ የግንባሯን መስመር ሁሉ ስላጠፋው፣ እናቴ ፎቶውን ዓይታ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ብላ መለሰችልኝ። ስለዚህ የማንንም ሰው ፊት፣ የግድግዳውን ስንጥቅም ቢሆን፣ እንዳለ ይተዉልኝ።

ፔርሙሱ እዚያ የተገኘው ፎቶ በተነሳንበት ቀን ጀበናው ጎረቤት ለቅሶ ቤት ተወስዶ ስለነበረ ነው። የተመለሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ልጆቹ ግን በነጋታው ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ ስለነበር ቡናው ሌላ ቤት ተፈልቶ በፔርሙስ መጣ። እናቴ ጀበናውን ከባቲ ሰኞ ገበያ የገዛችው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ፎቶው ሳሎን ሲሰቀል እንግዳ ሁሉ ቡናችንን ከፔርሙስ የምንቀዳ እንዳይመስለው ትፈልጋለች። በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

ጀበናውን ያነሳሁት እዚሁ ኮምቦልቻ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው መስኮት አጠገብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ስልኬንም በበርጩማ ላይ ተቀምጬ ዋናው ፎቶ በተነሳበት ካሜራ ቁመት ልክ ይዤዋለሁ። ስለዚህ አቅጣጫው ይገጥማል ብዬ አስባለሁ። የማይገጥመው ብርሃኑ ነው። በዋናው ፎቶ ላይ ፀሐይ ከግራ በመስኮት ገብታ የሁሉንም ዕቃ ጥላ ወደ ቀኝ ጥርት አድርጋ ጥላዋለች፤ ጀበናውን ባነሳሁበት ጠዋት ግን ሰማዩ ደመና ስለነበር ጥላው የደበዘዘ ነው፤ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ያደላል። እንግዲህ ጥላውን ከጀበናው ፎቶ ላይ እንዳይወስዱ፣ ይልቁንም አጠገቡ ያለውን የዕጣን ማጨሻ ጥላ አቅጣጫና ድምቀት ተመልክተው አዲስ እንዲሠሩለት እለምንዎታለሁ። ብርሃኑን ለማስተካከል ብለው ጀበናውን ግራና ቀኝ አይገልብጡት፤ እጀታው ወደ እናቴ እጅ መዞር አለበት፣ በአፉ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ሽራፊም በቦታዋ ትኑር። ቤተሰቡ ጀበናውን የሚለየው በእርሷ ነው።

መጠኑን በዓይን ከመገመት ይልቅ ለክቼዋለሁ። ጀበናው ከነአንገቱ 24 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሲኒዎቹ እያንዳንዳቸው 6 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ስለዚህ የፊት ረድፍ ላይ ካለው ሲኒ አራት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ቢታይ ትክክል ይሆናል። ፔርሙሱ 35 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ጀበናውን በፔርሙሱ ቁመት ልክ ከለጠጡት ጋን ሊመስል ነው። ደግሞም የፔርሙሱ መቀመጫ ጠፍጣፋ ሲሆን የጀበናው ድቡልቡል ነው፤ ያለ ማቶት አይቆምም። ስለዚህ ጀበናውን ከነማቶቱ አንስቼዋለሁ፤ ሲቆርጡት ማቶቱን አብረው ይውሰዱልኝ፤ ያለዚያ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ጀበናው ከፔርሙሱ ስለሚያጥር፣ ፔርሙሱ ሲወጣ ከላይ በኩል የሚገለጥ ክፍት ቦታ ይኖራል። ከኋላው ያለው የእናቴ ነጠላ ጥለት ነው። ጥለቱ በግምት እንዳይሞላ DSC_0479.JPG የላክሁልዎት ለዚህ ነው፤ በዚያኛው ፎቶ ወንድሜ ፔርሙሱን ለመቅዳት አንስቶት ስለነበር ጥለቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ እናቴም ብዙ አልተንቀሳቀሰችም። ከፔርሙሱ አጠገብ ያሉት ሦስት ሲኒዎች ጎን ላይ ደግሞ ከላዩ የተንፀባረቀ ቀይ ቀለም አለ። ፔርሙሱ ወጥቶ ቀይነቱ ሲኒዎቹ ላይ እንዳለ ከቆየ የሚያስተውል ሰው ይደርስበታልና፣ እርሱም ወደ ነጭነቱ ይመለስ።

ፎቶው የሚታተመው 90 በ60 ሳንቲ ሜትር በሸራ ላይ ነው። ዋናው ፋይል 6000 በ4000 ፒክሰል ስለሆነ መጠኑን ሳይቀንሱ፣ ዳሩንም ሳይቆርጡ፣ አንዱን በJPEG ለኅትመት፣ ሌላውን ጀበናው በራሱ ሌየር ላይ እንደተቀመጠ በPSD ይላኩልኝ። ከማሳተሜ በፊት ለእናቴ ማሳየት ስላለብኝ የመጀመሪያውን ረቂቅ እስከ ሐሙስ ማታ ባገኘው፣ የሚታረም ካለ ዓርብ ጠዋት አሳውቅዎታለሁ፤ ወንድሞቼ የሚመጡት በቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ ስለሆነ ለማተሚያ ቤቱ ጥቂት ቀን ይቀረናል።

ከተስማማንበት 1,200 ብር ውስጥ 600 ብሩን ዛሬ በቴሌብር ልኬያለሁ፤ ቀሪውን ረቂቁ በተወደደ ዕለት እልካለሁ። የጀበናው ፎቶ ለሥራው የማይበቃ ከሆነ ከመጀመርዎ በፊት ይንገሩኝ፤ ጀበናው አሁን ቤት ስላለ፣ ፀሐይ በወጣችበት ጠዋት በፈለጉት በኩል ደግሜ አነሳዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ዘይነባ
ኮምቦልቻ