የ9ኛ ክፍል አማርኛ የ1ኛ መንፈቀ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና፦ የጥያቄዎች ትንተና

ለአማርኛ ትምህርት ክፍል መምህራን፣
2017 ዓ.ም.

ፈተናው ባለአራት አማራጭ 40 ጥያቄዎች አሉት፤ የተፈተኑት 148 ተማሪዎች ናቸው። ወረቀቱን በጠቅላላ ውጤት ደርድረን ከላይና ከታች 27 በመቶውን፣ ማለትም 40 40 ተማሪ ወሰድን። ክብደት (p) የሁለቱ ቡድኖች ትክክለኛ መልስ ተደምሮ ለ80 ሲካፈል ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጥያቄው ቀላል ነው። የመለየት አቅም (D) ደግሞ የላይኛው ቡድን ከታችኛው ያለው ብልጫ ለ40 ሲካፈል ነው።

24 ጥያቄዎች D 0.30 ወይም ከዚያ በላይ አላቸው፤ ከ31ኛው በቀር አይነኩ። 9ኙ በ0.20 እና በ0.29 መካከል ናቸው። ከ0.20 በታች የወረዱት 7 ሲሆኑ፣ ብዙ የሚያነጋግሩት እነዚህ ናቸው፦

| ጥያቄ | ላይኛው | ታችኛው | p | D |
|---|---|---|---|---|
| 7 | 39 | 37 | 0.95 | 0.05 |
| 22 | 12 | 19 | 0.39 | -0.18 |
| 38 | 10 | 9 | 0.24 | 0.03 |

22ኛው አስቸኳይ ነው። «ሲጠብቅና ሲላላ ፍቺው የሚለወጠው ቃል የቱ ነው?» ይላል፤ አማራጮቹ ሀ. ገና ለ. ዋና ሐ. ውሃ መ. ቤት። የመልስ ቁልፉ «ሀ» ነው። ከላይኛው ቡድን 27ቱ ግን «ለ»ን መረጡ፤ ከታችኛው 8 ብቻ። ልጆቹ አልተሳሳቱም፤ «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ የሚዋኘው፣ ሲጠብቅ አውራው ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውም ምሳሌ ይኸው «ዋና» ነበር። ጎበዙን የቀጣው ጥያቄው ነው። ሮስተሩ ሳይዘጋ «ሀ»ንም «ለ»ንም ለመረጠ ሁሉ ነጥቡ ይሰጥ። ለጥያቄ ባንክ ሲገባ «ገና» በሌላ ቃል ይተካ።

38ኛው የሰምና ወርቅ ጥያቄ ነው። p 0.24 በግምት ከሚገኘው 0.25 ጋር ያው ነው፤ ጎበዙም ደካማውም ገምተዋል ማለት ነው። ጥያቄው ራሱ እንከን የለውም፤ በሁለት ሴክሽን ትምህርቱ እዚያ አልደረሰም ነበር። እኔ ጥያቄውን አልጥለውም፤ ትምህርቱ ተሰጥቶ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንደገና ይሞከር። ቁጥር ብቻ አይቶ ቢሰረዝ ጥፋቱ የጥያቄው ይመስላል።

7ኛው ቀላል ስለሆነ ብቻ አይወቀስ። ከ80ው 76ቱ ከመለሱት D ከ0.10 ሊበልጥ አይችልም፤ የታችኛው ቡድን ጉድለት ቢበዛ አራት ተማሪ ነው። ፈተናው መጀመሪያ አካባቢ መንፈስ ለማረጋጋት ይቆይ፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ግን አይጨመር።

31ኛው በቁጥር ደህና ነው (p 0.75፣ D 0.30)። ሆኖም «መ»ን የመረጠ አንድም ተማሪ ስለሌለ በተግባር ባለሦስት አማራጭ ሆኗል። አዲስ አሳሳች አማራጭ ተማሪዎች በድርሰታቸው ከሚሠሩት ስህተት ቢወጣ ይሻላል።

የቀሩት አራት ደካማ ጥያቄዎች በሚቀጥለው ስብሰባ አማራጭ በአማራጭ ይታያሉ። እያንዳንዱ መምህር የ22ኛውን እርማት አስተካክሎ ከሮስተሩ ጋር ያምጣ።