የዱቤ ሽያጭና የክፍያ መመዝገቢያ፦ የ40 ወንበሮች ሂሳብ

ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ (ሆቴሉ) 115,000.00 ብር
ክሬዲት፦ የሽያጭ ገቢ 100,000.00 ብር
ክሬዲት፦ ተከፋይ ቫት 15,000.00 ብር

መግለጫ፦ ለሆቴሉ 40 ወንበር፣ አንዱ በ2,500 ብር፣ በደረሰኝ ቁጥር 0418 በ30 ቀን ዱቤ ተሸጠ። ቫቱ 15 በመቶ ነው። ገንዘቡ እጃችን ባይገባም ቫቱ በሚያዝያ ወር የቫት ማስታወቂያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የወሩ ማስታወቂያ ላይ እንዳይረሳ፤ ካሽ እስኪመጣ መጠበቅ ቅጣት ያመጣል።

በዚያው ቀን
ዴቢት፦ የተሸጠ ዕቃ ወጪ 72,000.00 ብር
ክሬዲት፦ የዕቃ ክምችት 72,000.00 ብር

መግለጫ፦ 40 ወንበር በ1,800 ብር ከመጋዘን ወጣ።

ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.
ዴቢት፦ ባንክ 113,000.00 ብር
ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ዊዝሆልዲንግ ታክስ 2,000.00 ብር
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ (ሆቴሉ) 115,000.00 ብር

መግለጫ፦ ሆቴሉ የደረሰኝ ቁጥር 0418 ዕዳውን በባንክ ከፈለ። 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ ቀንሷል። የተሰላው ከቫት በፊት ባለው 100,000 ብር ላይ ነው፣ በ115,000 ላይ አይደለም። ሁለት ሺዋ ብር ወጪ አይደለችም። የከፈልነው ግብር ስለሆነች ዓመታዊው የትርፍ ግብር ሲሰላ ትቀነስልናለች። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ኦሪጅናል ከሆቴሉ ተቀብለን ከዚህ ቫውቸር ጋር አያይዘነዋል። ያለ እሱ ገንዘቧን መጠየቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ማንም ሰው ከፋይሉ እንዳያወጣው አደራ።

ገቢ እዚህ ላይ በድጋሚ አልተመዘገበም፤ ሚያዝያ 3 ተመዝግቧል። የሆቴሉ ቀሪ ዕዳ፦ 0.00 ብር።