ርዕስ፦ ረቡዕ ሰኔ 17 የተያዘልኝ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ አልማዝ፣

ለጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛነት ያመለከትኩት ሄለን ነኝ። ሐሙስ ከሰዓት ደውለውልኝ ለረቡዕ ሰኔ 17 ጠዋት 3፡30 ቀጠሮ ይዘውልኝ ነበር። እኔም ያለ ምንም ማቅማማት «እሺ፣ እመጣለሁ» ብያለሁ። አሁን ያንን ቃሌን ለማጠፍ መጻፌ በጣም እያሳፈረኝ ነው።

ምክንያቴ የዩኒቨርሲቲ ፈተና ነው። ሲደውሉልኝ የመጨረሻ ፈተናዬ ሰኞ ሰኔ 15 ነበር። ሰኞ ጨርሼ፣ ማክሰኞ ተዘጋጅቼ፣ ረቡዕ ልመጣ ነበር ሐሳቤ። ትናንት ዓርብ ወደ ማታ ግን የተሻሻለ የፈተና ፕሮግራም ተለጠፈ። የአዳራሽ መደራረብ ስላጋጠመ የኦዲቲንግ ፈተናችን ወደ ረቡዕ ጠዋት ተዛውሯል። ከ3፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት ነው፤ ልክ ቃለ መጠይቁ ላይ። ማስታወቂያውን እንዳየሁ 11፡30 አካባቢ ወደ ቢሮ ደወልኩ፤ ስልኩ አልተነሳም። ምናልባት ወጥታችሁ ይሆናል። ሰኞ እስኪደርስ ዝም ብዬ ከምጠብቅ ብዬ ዛሬ ጻፍኩልዎ።

እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ለማድረስ ሰዓቱን ደጋግሜ አስልቼዋለሁ። ፈተናውን በአንድ ሰዓት ጨርሼ ብሮጥ እንኳን ከግቢው እናንተ ጋ ለመድረስ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይፈጃል። እንደዚያ ተጣድፌ፣ ላብ በላብ ሆኜ ብገባ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አበላሽቼ እቀራለሁ። ሁለት ዛፍ ላይ ልውጣ ያለውን ሰው መሆን አልፈለግኩም።

ፈተናው በሌላ ቀን ይሰጠኝ ብዬ የትምህርት ክፍሉን መጠየቅም አስቤ ነበር። ደንቡ ግን ያንን የሚፈቅደው በሕመም ወይም በሐዘን ምክንያት ለቀረ ተማሪ ብቻ ነው። ይህ ፈተና ደግሞ ከ100 ውስጥ 50ውን ይይዛል። ብቀር ትምህርቱን እንደገና መውሰድ ግድ ይሆንብኛል፤ ምረቃዬም ይተላለፋል። የሥራ ማስታወቂያችሁ ላይ ሥራ ሲጀመር ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ እንደሚጠየቅ አንብቤያለሁ። ስለዚህ ረቡዕ ፈተናውን ትቼ እናንተ ጋ ብመጣና ባልፍ እንኳን በኋላ ማስረጃ የሌላት ተቀጣሪ ሆኜ ነው የምገኘው። ለእናንተም ለእኔም አይሆንም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ቀጠሮዬን በአንድ ወይም በሁለት ቀን እንዲያዘዋውሩልኝ ነው። ሐሙስ ሰኔ 18 እና ዓርብ ሰኔ 19 ሙሉ ቀን ነፃ ነኝ፤ በፈለጋችሁት ሰዓት እገኛለሁ። ከዚያ በኋላ ፈተና ስለሌለብኝ ሌላ ችግር አይገጥመኝም። የቃለ መጠይቁ ኮሚቴ የሚሰበሰበው ረቡዕ ብቻ ከሆነ ደግሞ ተራዬን ወደ መጨረሻ ቢያደርጉልኝ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ እጠብቃለሁ። ያችን ቀን ደክሞኝ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከመቅረት ይሻላል። በስልኩ የነገሩኝን የኤክሴል የተግባር ፈተናም በዚያው ቀን ለመውሰድ ዝግጁ ነኝ።

የድሮውንና የተሻሻለውን የፈተና ፕሮግራም ፎቶ ከዚህ መልእክት ጋር አያይዣለሁ። በሁለተኛው ላይ የትምህርት ክፍሉ ማኅተምና የተለጠፈበት ቀን ይታያል። ሌላ ማረጋገጫ ካስፈለገ ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ አጽፌ መላክ እችላለሁ።

እናንተም ሌሎች አመልካቾችን በየሰዓቱ ደልድላችሁ እንደጨረሳችሁ አውቃለሁ፤ የአንድ ሰው ለውጥ የሌላውንም ሊያዛባ ይችላል። ቦታ ለመቀያየር ፈቃደኛ የሆነ አመልካች ካለ በየትኛውም ሰዓት ብመደብ ቅር አይለኝም። ቦታውን በጣም እፈልገዋለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለሁለት ወር የተለማመድኩት የክፍያ ሰነዶችን ማመሳከር ነበር፤ ማስታወቂያችሁ ላይ የተዘረዘረውም ሥራ በአብዛኛው እሱ ነው። ሳነበው ለእኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ።

ከተቻለ እስከ ማክሰኞ እኩለ ቀን ድረስ ውሳኔውን ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። ማመልከቻዬ ላይ ባለው ስልክ ሁልጊዜ እገኛለሁ። ረቡዕ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡00 ብቻ ስልኬ ዝግ ይሆናል፤ ፈተና አዳራሽ ይዞ መግባት ክልክል ነው። በዚያ ሰዓት ከደወሉ አጭር መልእክት ቢተዉልኝ እንደወጣሁ መልሼ እደውላለሁ። ሰኞ ጠዋት 3፡00 ላይም ይህ መልእክት መድረሱን ለማረጋገጥ ቢሮ እደውላለሁ።

ለተፈጠረው መጉላላት በድጋሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሄለን
የሂሳብ አያያዝ ተመራቂ ተማሪ
ቅዳሜ ሰኔ 13