ቅዳሜ ጥር 30 በ8 ሰዓት፦ 1፣ 2 ወይም 3 ብላችሁ መልሱ

ሰላም የፔዳ ልጆች! እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረሳችሁ።

ቀጥታ ወደ ጉዳዩ። ቅዳሜ ጥር 30 ቀን 2018፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ፣ ሲኤምሲ እኛ ቤት እንገናኝ። ከውጭ ለመጣችሁ፣ ፌብሩዋሪ 7 ማለት ነው። ሰዓቱ በሀበሻ ነው፤ በእናንተ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት። ይህን የምጽፈው ሰርጌ ላይ ማን ሰሃን ሲታጠብ እንደደረሰ ስለማልረሳ ነው።

«መቼ ይመቻችኋል?» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። አምና እንደዚያ ጠየቅኩ። «ለኔ ሁሉም ይመቸኛል»፣ «አብዛኛው በተስማማበት»፣ «እስቲ እናያለን» ስትባባሉ ፋሲካ ደረሰ። በመጨረሻ አንዱ የሚስቅ ስቲከር ላከና በዚያው ቀረ።

ለምን ጥር 30? የዲሲዋ እህታችን የካቲት 3 ትመለሳለች። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ነው። ከዚህ ካለፈ ሁላችንም አንድ ማዕድ ላይ ለመቀመጥ ብዙ መጠበቅ ሊኖርብን ነው። የጥር ሰርግ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ሰርግ ያለበት ምሳውን እዚያ ይብላና ለቡናው ይድረስ፤ እስከ ማታ 2 ሰዓት አለን። ደግሞ ከተመረቅን አስር ዓመት ሞላን እኮ!

መልሱ እንዲህ ይሁን፦
1 = እመጣለሁ (ከነቤተሰብ ስንት እንደሆናችሁ ጨምሩበት። ለምሳሌ «1፣ 3 ሰው»)
2 = ቅዳሜ አልችልም፣ በማግስቱ እሁድ የካቲት 1 ግን እችላለሁ
3 = ሁለቱንም አልችልም

እስከ ዓርብ ጥር 15 ማታ እጠብቃለሁ። ከ14ታችን 8 ሰው 1 ካለ ቅዳሜ ቁርጥ ነው፤ ካልሞላ ወደ እሁድ እናዞራለን። ሌላ ቀን አልጨምርም። የአውራ ጣት ምልክት አልቆጥርም፣ «ኢንሻአላህ»ም «እግዜር ካለ»ም ብቻውን አይቆጠርም። ቁጥር ጻፉ። ዝም ያለውን በማግስቱ ቅዳሜ ጥር 16 ጠዋት እደውልለታለሁ፣ ያውም በ12 ሰዓት።

ስለ ምግቡ አታስቡ። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሥጋ በየራሱ ድስት ይሠራል፣ ሽሮም አለ። የሐዋሳው ዶክተር፣ አሁንም እንደ ድሮው ቆጭቆጫ ብቻህን የምትጨርስ ከሆነ ቀድመህ ንገረኝ። መዋጮውን ቀኑ ከቆረጠ በኋላ እናወራለን፤ አሁን ብር ከተነሳ ቀኑ ይረሳል።

እኔ ልጀምር፦ 1፣ 4 ሰው።