ለዮናስ፦ የታሪክ ደብተራችንን እንለዋወጥ

ሰላም ዮናስ፣ እንደምን ሰነበትክ? እንኳን እግዚአብሔር ማረህ። ሰኞ ዕለት ክፍል ስትገባ ሳይህ በጣም ደስ አለኝ፤ ክብደት መቀነስህ ግን አሳስቦኛል፤ ታይፎይድ ከለቀቀ በኋላም ምግብ ይፈልጋልና ለራስህ አስብ። ያን ዕለት ላነጋግርህ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ጓደኞችህ ከበውህ ስለነበር በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ተውኩት። መቅደስ ነኝ፤ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምቀመጠው።

በስድስተኛው፣ በሰባተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ከትምህርት ቀርቼ ነበር። እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሳስታምማት ሰነበትኩ። የቤቱ ትልቅ ልጅ እኔ ነኝ፤ ታናናሾቼን ትቼ ልመለስ አልቻልኩም። አሁን ተመስገን፣ ቆማ ቡና ታፈላለች። አንተ ደግሞ በዐሥረኛውና በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ታመህ ቀረህ። እኔ የቀረሁበት አንተ ዘንድ ተጽፏል፤ አንተ የቀረህበት እኔ ዘንድ አለ። ሰኞ ሰኔ 16 ፈተና ከመግባታችን በፊት ብንለዋወጥ ብዬ ነው የማስቸግርህ።

ከሌላ ልጅ ለመገልበጥ ሞክሬ ነበር። ሰጥታኛለች፤ ውለታዋንም አልረሳም፤ ነገር ግን የሰባተኛው ሳምንት ማስታወሻዋ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሂዌት፣ 1876፣ ቦጎስ»። ከዚህ ተነሥቼ ምን ልበል? ከመጽሐፍ አንብቤ ውሉ በአፄ ዮሐንስ፣ በእንግሊዝና በግብፅ መካከል እንደተፈረመ፣ የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል አልፎ ሲወጣ ቦጎስ እንዲመለስ፣ በምፅዋም ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ስምምነት እንደነበር አውቄአለሁ። በዓመቱ ግን ጣልያን ምፅዋን ይዛለች። ይህ እንዴት ሆነ? እንግሊዝ ለምን ዝም አለች? መምህራችን በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ሰዓት እንደተናገሩ፣ አንተም ጥያቄ ጠይቀህ ረጅም መልስ እንደሰጡህ ሰምቻለሁ። ከሁሉ በላይ የምፈልገው ያንን ገጽ ነው። እርሱ ከሌለኝ የዶጋሊ ጦርነት ለእኔ ከሰማይ የወረደ ነገር ይሆንብኛል፤ ራስ አሉላ ለምን እንደዘመቱ ሳላውቅ ድሉን ብቻ ልጽፍ አልፈልግም።

የስድስተኛውም ሳምንት ቢሆን አስቸግሮኛል። ጉንደትንና ጉራዕን አንዱ መጽሐፍ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሌላው በሁለት ዓመት ያስቀምጣቸዋል። ግራ ሲገባኝ ቆይቼ በኋላ ነው የተረዳሁት፦ ጉንደት በኅዳር፣ ጉራዕ በመጋቢት ወር መጀመሪያ አካባቢ ስለተደረጉ በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም 1868 ላይ ይውላሉ፤ በአውሮፓውያን ግን አንዱ 1875፣ ሌላው 1876 ነው። ይህን ካየሁ በኋላ በደብተሬ ያሉትን ቀኖች ሁሉ እንደገና መረመርኳቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እየቀነስኩ የሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን የያዘ ሠንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ። የአውሮፓውያኑ በቀይ ቀለም ተጽፏል። አንተ ሦስት ሳምንት ሰጥተህ ከእኔ ሁለት ብቻ ስለምትቀበል ሠንጠረዡን እጨምርልሃለሁ። ከመቅደላ ጀምሮ እስከ አዲስ አበባው ውል ያሉትን ቀኖች ይዟል፤ መምህራችን በክፍል ካሉት የተለየ ካገኘህ ንገረኝ፣ እኔም አስተካክላለሁ።

እኔ ዘንድ ያለውን ደግሞ ልንገርህ። ዐሥረኛው ሳምንት የውጫሌ ውል ነው፤ ዐሥራ አንድ ገጽ ይሆናል። መምህራችን አንቀጽ 17ን ሰሌዳው ላይ በሁለት ዐምድ ጽፈው የአማርኛውን «ይቻላቸዋል» አሰመሩበት፤ በጣልያንኛው ቅጂ ያው ሐሳብ ግዴታ ሆኖ እንደቀረበ እየነጠሉ አስረዱን። ቀጥለውም «በዚህ ቃል ላይ ብቻ ቆማችሁ እንዳትቀሩ» ብለው ውሉ መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 መፈረሙን አስታወሱን። ለምን በዚያ ሰዓት? ምኒልክ ምን ፈለጉ፣ ጣልያንስ ምን ፈለገች? በፈተና የሚመጣው ይህ ይመስለኛል፤ ሲናገሩ ሦስት ጊዜ ተመልሰውበታልና። እኔም ሦስቱንም ጊዜ የተናገሩትን ጽፌአለሁ።

ዐሥራ አንደኛው ሳምንት ዘመቻው ነው፦ አምባላጌ፣ የመቀሌው ከበባ፣ በመጨረሻም የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ። በመቀሌ እቴጌ ጣይቱ የምሽጉን ምንጭ ማስያዛቸው በሰፊው ተነግሯል። የስንቅ ጉዳይም አለ፤ ሠራዊቱ ከፊት ለፊቱ ካለው ጠላት ጋር ብቻ ሳይሆን ከረኀብም ጋር ይታገል እንደነበር፣ ከክፉው ቀን አገሩ ገና እንዳላገገመ ተናግረዋል። ይህን ስጽፍ እጄ እየደከመ ነበርና ሁለት ገጽ ፊደሉ ይንጋደዳል፤ ከመስጠቴ በፊት እንደገና እገለብጠዋለሁ።

አንድ ጉድለት አለ፤ ሳልደብቅ ልንገርህ። በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ማክሰኞ ታክሲ አጥቼ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘግይቻለሁ። ስገባ የአድዋ ተራሮች ሰሌዳው ላይ ተስለው አልቀው ነበር። የገለበጥኩት ካርታ ስለዚህ ሙሉ አይደለም፤ የጣልያን ጦር ከየት ከየት እንደመጣ የሚያሳዩት ቀስቶች ጎድለዋል። ከቃልኪዳን ተውሼ እስከ ዓርብ እሞላዋለሁ።

ደብተርህን ለማንም የማትሰጥ ሰው ከሆንክ አልፈርድብህም፤ በፈተና ሰሞን ደብተር እንደ ዐይን ብሌን ነው። ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ብትልክልኝ ይበቃኛል። ፎቶ ስታነሣ ግን ኅዳጉ እንዳይቆረጥ፤ ከፊት ስትጽፍ ሳይህ በጎን ላይ ብዙ የምታስቀምጠው ነገር አለ። ለራስህ የምትጠቀምባቸው አሕጽሮተ ቃላት ካሉም ትርጉማቸውን አንድ ቦታ ጻፍልኝ።

በአካል ብንገናኝ ግን የተሻለ ይመስለኛል። ቅዳሜ ሰኔ 7 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ብንገናኝ? ከዚያው ወጥተን ፎቶ ኮፒ እናስነሣለን፤ ደብተሮቹ ከእጃችን አይርቁም። የኮፒውን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ። ጊዜ ካለህ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን የምፅዋን ጉዳይ አንተ ብታስረዳኝ፣ እኔም አንቀጽ 17ን ብነግርህ ከንባብ ይልቅ ይገባናል። ቅዳሜ ካልተመቸህ እሑድ ከሰዓት በኋላ እችላለሁ። ከዚያ በላይ ከዘገየ ግን የማነብበት ጊዜ ያጥረኛል፤ ረቡዕ ሌላ ፈተና አለብኝ።

ዛሬ ማታ ወይም ነገ እስከ ምሳ ሰዓት መልስ ብትሰጠኝ ትልቅ ውለታ ነው። አልችልም ብትልም አልቀየምም፤ ካርታውንና ሠንጠረዡን ለማንኛውም እልክልሃለሁ፣ በሕመም የቀረ ሰው ያለ ማስታወሻ ፈተና እንዲገባ አልፈልግም።

አክባሪ እህትህ
መቅደስ
ሐሙስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017