አራት፣ አራት፣ ሁለት፦ ሃፍ ላይፍ፣ ስቴዲ ስቴት እና ሎዲንግ ዶዝ

ሐዋሳ አድጎ ወባ ይዞት ክሎሮኪን የዋጠ ሰው ቁጥሩን አይረሳውም። ዛሬ አራት፣ ነገ አራት፣ ከነገ ወዲያ ሁለት። እናቶቻችን ፋርማኮሎጂ ሳይማሩ በቃላቸው ይዘውታል። ማክሰኞ ቱቶሪያል ላይ «ለምን በየቀኑ እኩል አልተከፋፈለም?» ብዬ ስጠይቅ ግን ክፍሉ ጭጭ አለ። ይህን የጻፍኩላችሁ ለዚያ ነው። ለፈተናም ለዋርድም ይሆናችኋል።

ከሃፍ ላይፍ እንጀምር። በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ እስኪቀንስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ትርጉሙን ሁላችሁም ትሉታላችሁ፤ የምትቸገሩት ከየት እንደሚመጣ ስትጠየቁ ነው።

አሞራ ገደል ሄዳችሁ ሐይቁን እዩት። ጥቁር ውኃ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውኃውን በዋናነት የምትወስደው ፀሐይ ናት። ያችው ፀሐይ መንገድ ዳር ያለውን ኩሬ በሁለት ቀን ታደርቀዋለች፤ ሐይቁን ግን ምንም ያህል አትጎዳውም። ሐይቁ ቮልዩም ኦፍ ዲስትሪቢዩሽን ነው፣ ፀሐይዋ ክሊራንስ። ሃፍ ላይፍ የሁለቱ ልጅ ነው፦

```
t½ = 0.693 × Vd / CL
```

ክሎሮኪን ከአንድ እስከ ሁለት ወር የሚደርስ ሃፍ ላይፍ ያለው በዋናነት ሐይቁ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ነው፤ ቲሹ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። የጄንታማይሲን ሐይቅ ትንሽ ነው፣ በኪሎ 0.25 ሊትር ገደማ። ጤነኛ ኩላሊት ያለው አዋቂ ላይ ሃፍ ላይፉ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው። ኩላሊት ሲቆም ያው መድኃኒት ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ሐይቁ ያው ነው፣ ፀሐይዋ ጠልቃ ነው።

ወደ ስቴዲ ስቴት እንለፍ። ሃፍ ላይፉ 24 ሰዓት የሆነ መድኃኒት አለ እንበል፤ በየ24 ሰዓቱ 100 ሚሊግራም ትሰጣላችሁ። መጀመሪያ ቀን 100 አለ። በማግስቱ 50 ቀርቶ 100 ሲጨመር 150 ይሆናል። ቀጥሎ 175፣ ከዚያ 187.5፣ ከዚያ 193.75። ጭማሪው እያነሰ ሄዶ 200 አካባቢ ይቆማል። ለምን 200? ምክንያቱም የ200 ግማሽ 100 ነው፤ በቀን የሚወጣውና የምትሰጡት እኩል ሆኑ። ስቴዲ ስቴት ማለት ይኼ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ከ4 እስከ 5 ሃፍ ላይፍ ይፈጃል፤ በ4ኛው 94 በመቶ፣ በ5ኛው 97 በመቶ ትደርሳላችሁ። መድኃኒቱ ሲቋረጥም መውጫው በዚያው ሂሳብ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። «ዶዙን በእጥፍ ብንጨምረው ስቴዲ ስቴት ቶሎ ይደርሳል» ይላል። አይደርስም። 200 ሚሊግራም በየቀኑ ብትሰጡ መጨረሻው 400 ይሆናል እንጂ የሚፈጀው ቀን ያው ነው። ቀኑን የሚወስነው ሃፍ ላይፍ ብቻ ነው። ዲጎክሲን ጤነኛ ኩላሊት ባለው ሰው ከ36 እስከ 48 ሰዓት ሃፍ ላይፍ አለው። በሦስተኛው ቀን «አልሠራለትም» ብሎ ዶዝ የሚጨምር ሐኪም ካጋጠማችሁ በትህትና አስቁሙት። ከጀመረበት ቀን አንስቶ ከሳምንት እስከ አስር ቀን መጠበቅ አለበት።

መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜስ? 200 ላይ ለመድረስ ቀናት ከመጠበቅ በመጀመሪያው ቀን 200 ሰጥቶ ከዚያ በ100 መቀጠል ነው። የመጀመሪያው 200 ሎዲንግ ዶዝ፣ ቀጣዮቹ 100ዎች ሜንቴናንስ ዶዝ ይባላሉ። ይህን አይታችሁታል። ዶክሲሳይክሊን የመጀመሪያው ቀን 200 ሚሊግራም፣ ከዚያ በቀን 100 ተብሎ ሲታዘዝ ሃፍ ላይፉ ከ24 ሰዓት ብዙም ስለማይርቅ ነው። የክሎሮኪኑ አራት አራትም ሐይቁን ቶሎ መሙላት ነው። ወባ አምስት ወር አይጠብቅም።

```
LD = Vd × Css / F
MD = CL × Css × τ / F
```

LD ሎዲንጉ፣ MD ሜንቴናንሱ፣ Css የምንፈልገው የስቴዲ ስቴት ደረጃ፣ F ከዶዙ ደም ውስጥ የሚደርሰው ክፍል፣ τ በዶዞች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ተመልከቱ። ላይኛው ውስጥ ክሊራንስ የለም። ታችኛው ውስጥ ቮልዩም የለም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

በቁጥር እንየው። አሚኖፊሊን አሁን እንደ ድሮው ባይታዘዝም ለሂሳብ እንደሱ የሚመች የለም። 60 ኪሎ የሚመዝን የአስም ታማሚ ነው። የቲዮፊሊን ቮልዩም በኪሎ 0.5 ሊትር፣ ክሊራንሱ በኪሎ በሰዓት 0.04 ሊትር፣ የምንፈልገው ደረጃ በሊትር 10 ሚሊግራም ነው።

```
Vd = 0.5 × 60 = 30 L
LD = 30 × 10 = 300 mg
CL = 0.04 × 60 = 2.4 L/h
MD = 2.4 × 10 = 24 mg/h
t½ = 0.693 × 30 / 2.4 ≈ 8.7 h
```

አሚኖፊሊን 80 በመቶው ብቻ ቲዮፊሊን ስለሆነ ለ0.8 አካፍሉ፤ ሎዲንጉ 375 ሚሊግራም፣ ሜንቴናንሱ በሰዓት 30 ሚሊግራም። ሎዲንጉ በዝግታ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሰጣል። ታማሚው አጫሽ ቢሆንስ? ጉበቱ ቶሎ ያስወግደዋል፣ ሜንቴናንሱ ከፍ ይላል። ሎዲንጉ አይነካም። ቤቱ ቲዮፊሊን ሲወስድ ከቆየ ግን ሐይቁ ባዶ አይደለም፤ ሳትጠይቁ ሙሉውን እንዳትሰጡ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ኢንተርን ሳለሁ ነው፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ። ሴፕሲስ ያለበት 60 ኪሎ ሰው፣ ክሪያቲኒኑ 6። ቫንኮማይሲን ታዘዘ፣ በኪሎ 25 ሚሊግራም ሎዲንግ፣ 1500 ማለት ነው። እኔ ኩላሊቱን አይቼ ደነገጥኩ። 750 ይበቃዋል ብዬ ጻፍኩ። ሲኒየሯ ፋርማሲስት ወረቀቱን አየችና «አንተ ልጅ፣ ሐይቁ ጠበበ ወይስ ፀሐይዋ ደከመች?» አለችኝ። የሐይቁ ምሳሌ የእሷ ነው፣ እኔ ሰርቄው ነው።

ፀሐይዋ ናት የደከመችው። ስለዚህ መቀነስ ያለበት ቀጣዩ ዶዝ ነው፣ ወይም ክፍተቱ ይረዝማል። እንዲያውም እሱ ሎዲንጉን ከማንም በላይ ይፈልገዋል። ኩላሊቱ ደህና በሆነ ሰው የቫንኮማይሲን ሃፍ ላይፍ 6 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ስቴዲ ስቴት ከ24 እስከ 30 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። የእሱ ግን ቀናት ነው፣ አምስት እጥፉን አስቡት። በ1500ው ተስተካክሎ በሁለት ሰዓት ተሰጠው።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ዲጎክሲን ላይ ኩላሊት ሲደክም ሐይቁም ይጠብባል፤ ሎዲንጉም ይቀነሳል። ደግሞ ሎዲንጉን በአንዴ አትሰጡም። ቲሹ ውስጥ እስኪገባ ሰዓታት ስለሚፈልግ ግማሹ መጀመሪያ፣ ቀሪው ሩብ ሩብ እየሆነ ከ6 እስከ 8 ሰዓት እየተጠበቀ፣ ታማሚው እየታየ።

ለአርብ ይህን ሰርታችሁ ኑ። ስታተስ ኤፒሌፕቲከስ ውስጥ ያለ 50 ኪሎ ወጣት። የፌኒቶይን ቮልዩም በኪሎ 0.7 ሊትር፣ ግባችን በሊትር 20 ሚሊግራም። መርፌው ፌኒቶይን ሶዲየም ስለሆነ 92 በመቶው ብቻ ፌኒቶይን ነው። ስንት ሚሊግራም? በደቂቃ ከ50 ሚሊግራም መብለጥ ካልተፈቀደ ቢያንስ በስንት ደቂቃ? ነርሷ ዴክስትሮስ ይዛ ብትመጣ ምን ትሏታላችሁ? የመጨረሻዋ ደግሞ፦ ሜንቴናንሱን ከ300 ወደ 400 ብናሳድገው፣ ደረጃው በሲሶ ብቻ ይጨምራል ብሎ መማል ይቻላል?