የግንባታ ውል ማቋረጫ እና መብት ማስጠበቂያ ደብዳቤ

ቀን፦ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ላይ «ሥራ ተቋራጭ» ተብለው ለተጠቀሱት
ደብረ ብርሃን

ጉዳይ፦ በጠባሴ የሚሠራውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት የግንባታ ውል ማቋረጤን ስለማሳወቅ፣ ቀድሞ የተጻጻፍናቸውን ስለመጥቀስ እና መብቴን ስለማስጠበቅ

ከላይ በተጠቀሰው ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት የቤቱን ስትራክቸር እስከ ጣሪያ ሠርተው እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊያስረክቡኝ ጠቅላላ ዋጋው ብር 5,400,000 በሆነ ሥራ ተስማምተናል። ሥራው ዛሬም የመጀመሪያው ወለል ኮለኖች ላይ ቆሟል። ስለሆነም ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ዕለት ጀምሮ ውሉን ያቋረጥኩ መሆኔን አስታውቃለሁ። ያቋረጥኩት በውሉ አንቀጽ 14 እና በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1787 መሠረት ነው። የሰጠሁዎት የችሮታ ጊዜ ሰኔ 18 ቀን አልቋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ሠራተኛ እንኳ ሳይት ላይ አልገባም።

እዚህ የደረስነው በአንድ ቀን ስላልሆነ፣ እስካሁን የተጻጻፍናቸውን በየቀናቸው እጠቅሳለሁ። ሁሉም የዚህ ደብዳቤ አካል ተደርገው እንዲቆጠሩ እጠይቃለሁ። ወደፊት በፍርድ ቤትም ሆነ በሌላ መንገድ ክርክር ቢነሳ በማስረጃነት አቀርባቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በቴሌግራም ከፎቶ ጋር የላክሁልዎት ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን ከሰዓት በኋላ የተሞሉት አራት ኮለኖች በዚያ ብርድ ሌሊቱን ሳይሸፈኑ አድረው፣ ጠዋት ፎርምወርኩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ታይቷል። ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ ኮንክሪት ሞልቶ ሳይሸፍኑ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ለባለሙያ መንገር አይገባኝም። በዚያው መልእክት በሁለቱ ኮለኖች ላይ የስታፋው ርቀት በፕላኑ ከተቀመጠው 15 ሳንቲ ሜትር አልፎ በሜትር ሲለካ 25 መሆኑን አሳይቻለሁ። እርስዎም በማግስቱ «አያለሁ፣ አስተካክላለሁ» ብለው መልሰዋል። ማስተካከያው ስለመደረጉ አማካሪ መሐንዲሱ በሳይት መዝገብ ላይ ያሰፈረው ነገር የለም።

ሁለተኛው ሥራው መቆሙን በመግለጽ የካቲት 18 ቀን የጻፍኩት ማስጠንቀቂያ ነው። የካቲት 25 ቀን በሰጡት መልስ «ሥራው መዘግየቱ እውነት ነው» ካሉ በኋላ፣ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ስለጨመረ ብር 600,000 ተጨማሪ ካልተከፈለዎት መቀጠል እንደማይችሉ አስታውቀዋል። መጋቢት 4 ቀን በጻፍኩት መልስ ይህን አልተቀበልኩም። ምክንያቱም የውሉ ዋጋ የተቆረጠ ነው፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1794 መሠረት፣ ተዋዋዮች በግልጽ ካልተስማሙ በቀር፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት አይባልም። አቋሜ ዛሬም ያው ነው።

በዚያው ደብዳቤ ግን ሥራው እንዳይቆም ብዬ 120 ኩንታል ሲሚንቶ በብር 216,000 በራሴ ገንዘብ ገዝቼ አቅርቤያለሁ። ይህን በደንብ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ «ዋጋ መጨመሩን ስለተቀበለች ነው የገዛችው» እንዳይባል። ያኔ የጻፍኩት ቃል እንዲህ ይላል፦ «ይህ አቅርቦት ውሉን አያሻሽልም፣ ዋጋውንም አይጨምርም፤ የተከፈለው ገንዘብ ከሚቀጥለው ክፍያ ይቀነሳል፤ መብቴም የተጠበቀ ነው።» ሲረከቡ የፈረሙበት ደረሰኝ እጄ ላይ አለ። ከሲሚንቶው 43 ኩንታሉ ሥራ ላይ መዋሉን የሳይት መዝገቡ ያሳያል፤ ቀሪው 77 ኩንታል በእርስዎ መጋዘን ነው።

ሦስተኛው በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ሚያዝያ 19 ቀን፣ በሽማግሌዎች ፊት የተያዘው ቃለ ጉባኤ ነው። ሥራውን እስከ ግንቦት 4 ቀን እንደሚጀምሩ ቃል ገብተው ፈርመዋል። እኔም በበኩሌ በተባለው ቀን ከጀመሩ የመዘግየት ቅጣቱን ግማሽ እንደምተው ተናግሬያለሁ። ሐሳቡ ከሥራው መጀመር ጋር የታሰረ ነበር፤ ሥራው ስላልተጀመረ ሐሳቡም ከግንቦት 4 ወዲህ ፈርሷል። ሽማግሌዎቹን አከብራለሁ፣ ለደከሙልንም አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ለዕርቅ ሲባል ያልኩት ነገር ሁሉ በሙሉ መብቴ ላይ እንደ እምነት ቃል ሊጠቀስብኝ አይገባም። በዚያው ሰሞን ወንድሜ በስልክ «ችግር የለም፣ ክረምቱ ይለፍ» እንዳለዎት ሰምቻለሁ። ወንድሜ የውሉ ተዋዋይ አይደለም፣ ውክልናም አልሰጠሁትም። በውሉ አንቀጽ 17 መሠረት ማንኛውም ለውጥ የሁለታችንን ፊርማ ይጠይቃል።

አራተኛውና ዋናው ግንቦት 18 ቀን በእጅዎ የሰጠሁት፣ በዚያው ዕለት በሪኮማንዴም የላክሁት ማስጠንቀቂያ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 እና 1774 መሠረት የ30 ቀን ጊዜ ሰጥቼ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀርብ አፈጻጸም እንደማልቀበል በግልጽ ጽፌያለሁ። ሰኔ 11 ቀን በቴሌግራም የመለሱት «ተጨማሪው ካልተከፈለ ዝናቡም ቢያልፍ ሰው አላስገባም» የሚል ነው። ይህ መልስ እንደማይፈጽሙ በራስዎ ቃል መናገርዎ ስለሆነ፣ ከቁጥር 1787 በተጨማሪ በቁጥር 1789 መሠረትም ውሉን የማቋረጥ መብት ይሰጠኛል። ይህንንም ምክንያት አብሬ እጠቅሳለሁ።

ከመጋቢት 4 እስከ ሚያዝያ 19 ምንም አለመጻፌ ትዕግሥት እንጂ መብት መተው አልነበረም። በማናቸውም ጊዜ ዝም ማለቴ፣ ክፍያ መፈጸሜ፣ ዕቃ ማቅረቤ ወይም ለሽምግልና መቀመጤ ካሉኝ መብቶች አንዱንም እንደተውኩ አያስቆጥርብኝም።

የሒሳቡን ነገር በተመለከተ፣ ለጊዜው ያለኝ አኃዝ የሚከተለው ነው። ቅድመ ክፍያ ብር 1,620,000፣ የመጀመሪያ ክፍያ ብር 900,000፣ ሲሚንቶ ብር 216,000፣ በድምሩ ብር 2,736,000 ወጪ አድርጌያለሁ። አማካሪ መሐንዲሱ የተሠራውን ሥራ በብር 1,730,000 ገምቶታል። በዚህ ስሌት ብር 1,006,000 ከሥራው በላይ ወስደዋል። 77ቱ ኩንታል ሲሚንቶ ሳይበላሽ ከተመለሰልኝ ዋጋውን ብር 138,600 ከዚህ እቀንሳለሁ። በተጨማሪ በውሉ አንቀጽ 11 መሠረት በቀን ከጠቅላላ ዋጋው 0.1 በመቶ፣ ማለትም ብር 5,400 የሚታሰበው የመዘግየት ቅጣት ከግንቦት 1 እስከ ዛሬ ለ56 ቀናት ብር 302,400 ደርሷል። ይህ ቅጣት ለመዘግየቱ ብቻ የተቀመጠ ነው፤ ለጥራት ጉድለቱና በትርፍ ለተከፈለው ገንዘብ የማቀርበውን ጥያቄ አይተካም።

እነዚህ አኃዞች ጊዜያዊ ናቸው። ልኬቱ ሲጠናቀቅ ሊጨምሩም ሊቀንሱም ይችላሉ፤ እዚህ መጻፋቸውም ከዚህ በላይ ላለመጠየቅ እንደ መስማማት አይታይብኝም። በተለይ በሚከተሉት ላይ መብቴን አስጠብቃለሁ፦ ቀሪውን ሥራ በሌላ ተቋራጭ ሳሠራ በሚመጣው የዋጋ ልዩነት፤ ጉድለት ያለባቸው ኮለኖች ምርመራ፣ ማጠናከሪያ ወይም ማፍረሻ ወጪ፤ ታች ያሉትን ሱቆች በጊዜው ባለማከራየቴ በሚቀርብኝ ገቢ፤ በሕግ በተወሰነው 9 በመቶ ወለድ፤ እንዲሁም ወጪና ኪሳራ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1790 መሠረት ውሉን ማቋረጤ የጉዳት ካሣ ከመጠየቅ አያግደኝም። ዛሬ ያልታወቀኝ፣ ኮለኑ ሲመረመር ወይም መሠረቱ ሲታይ የሚገኝ ጉድለት ቢኖርም በዚያ ላይ ያለኝ መብት የተጠበቀ ነው። ለማቋረጡ ከላይ ያልጠቀስኩት ሌላ በቂ ምክንያት ቢኖር ያንንም ወደፊት ከማንሳት አልከለከልም። በዋስዎ ላይ ያለኝ መብትም እንደዚሁ።

አሁን የሚቸኩለው ክረምቱ ነው። ወደ ላይ የወጣው ፌሮ ተጋልጦ ዝናብ እየመታው ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ገና ይመጣሉ። ጉዳቱ እንዳይብስ በሕግ ያለብኝን ግዴታ ለመወጣት ከሐምሌ 4 ቀን ጀምሮ ፌሮውን አስሸፍናለሁ፣ የተከመረውን አሸዋና ጠጠርም አስከልላለሁ። ወጪው በደረሰኝ ተይዞ ከእርስዎ ይጠየቃል። ከዚያ በፊት ግን ያለው ሁኔታ መለካት አለበት። ስለዚህ ሐሙስ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ሳይት ላይ ተገኝተው ከአማካሪ መሐንዲሱ ጋር የጋራ ልኬት እንዲያደርጉ እጋብዛለሁ። እርስዎ መምጣት ካልቻሉ ወኪልዎን ይላኩ። ሁለቱም ካልሆነ ልኬቱ በሁለት ምስክሮች ፊት፣ በፎቶና በቪዲዮ ተደግፎ ይካሄዳል፤ ውጤቱም ይላክልዎታል። በልኬቱ መገኘትዎ ውሉ በትክክል ተቋርጧል ብለው ማመንዎ ነው ብዬ አልከራከርም፤ እርስዎም የእኔን መገኘት ሥራውን እንደ መረከብ አይቁጠሩት።

ሚክሰሩን፣ አጠናውንና ፎርምወርኩን ከልኬቱ በኋላ እስከ ሐምሌ 12 ቀን መውሰድ ይችላሉ። ዕቃው የእርስዎ ነው፣ በመያዣነት የመያዝ ሐሳብ የለኝም። ሲወስዱ ዝርዝሩ ላይ ይፈርሙልኝ። ቀሪው ሲሚንቶ፣ የፕላኑ ቅጂዎችና የግቢው ቁልፍ በዚያው ጊዜ እንዲመለሱ እጠይቃለሁ። በትርፍ የወሰዱትንና ቅጣቱን ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ካልከፈሉ፣ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ክስ አቀርባለሁ። ለመነጋገር ፈቃደኛ ከሆኑ በሬ ክፍት ነው፤ ንግግሩ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ወይም ሁለታችንም በምንፈርመው ቃለ ጉባኤ።

ከሰላምታ ጋር

ጥሩወርቅ ደምሴ
አሠሪ
(ፊርማ አለው)

አባሪ፦ የታኅሣሥ 9 እና የሰኔ 11 የቴሌግራም መልእክቶች ህትመት ከፎቶዎቹ ጋር፤ የየካቲት 18፣ የየካቲት 25፣ የመጋቢት 4 እና የግንቦት 18 ደብዳቤዎች ቅጂ፤ የሚያዝያ 19 ቃለ ጉባኤ፤ የሲሚንቶ ርክክብ ደረሰኝ፤ የሪኮማንዴ ደረሰኝ፤ የሳይት መዝገብ ገጾች።

ግልባጭ፦
ለአማካሪ መሐንዲሱ
በውሉ ላይ በዋስነት ለፈረሙት

የመቀበያ ማረጋገጫ፦ ይህ ደብዳቤ በእጅ ሲሰጥ ተቀባዩ አልፈርምም ካሉ፣ ይዘው የሄዱት ሁለት ምስክሮች ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው በጀርባው ይፈርማሉ፤ አንድ ቅጂ በዚያው ዕለት በሪኮማንዴ ይላካል።